ትንፋሹን ቆጠርሽው?

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በነርስነት ያገለገልኩት አብዛኛውን ጊዜ በጤና ጣቢያ ነው፤ መጀመሪያ ወገራ፣ ኋላም ጎንደር ከተማ። ዛሬ የምጽፈው ግን በሥራ ላይ ሳለሁ ስለ ሠራሁት ሳይሆን፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ሳትኩት ነገር ነው። የሳትኩትም በገዛ የልጅ ልጄ ላይ ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ ያገባችው ዳባት ወረዳ፣ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ማታ ደወለችልኝ። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ገና አልተመለሰም፤ እጇ ላይ ያለው ብር ጥቂት ነው። የአሥራ አራት ወሩ ልጇ ሁለት ቀን አስሎታል፣ አተኩሶታል።

«እማዬ፣ ጠዋት መድኃኒት ቤት ሄጄ ሽሮፕ ልግዛለት?» አለችኝ።

«ፓራሲታሞል ግዥለት፣ ጡት አብዥለት፣ ብርድ እንዳይመታው» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። የኅዳር ብርድ ነው፣ የደጋ ልጅ ሁሉ በዚህ ወር ያስለዋል ብዬ ነው። በሥራ ዘመኔ የሚያስል ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ሁሉ የምጠይቀውን አንዱን ጥያቄ ለገዛ ልጄ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ሰኞ መድኃኒት ቤት ሄደች። ፓራሲታሞል ገዛች። ባለ መድኃኒቱም የሳል ሽሮፕ ጨመረላት፤ «ለደረቱ» ብሎም አሞክሳሲሊን ሰጣት። ልጁ አብሯት አልነበረም፤ ከጎረቤት ትታው ነው የሄደችው። ስንት ኪሎ እንደሆነም የጠየቃት የለም። 430 ብር ከፈለች። አሞክሳሲሊኑን ሁለት ቀን ሰጠችውና ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት ለሌላ ጊዜ ይሁን ብላ የቀረውን አስቀመጠችው።

ረቡዕ ባሰበት። ጤና ጣቢያ ያልሄደችበትን ምክንያት በኋላ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ባለፈው ስሄድ ግማሽ ቀን ተሰልፌ መድኃኒቱን ከውጭ ግዥ አሉኝ። የመድኅን ደብተሩም አልታደሰም። የግሉ ቶሎ ያያል ብዬ ነው።» የሷን ምክንያት የሚጋሩ እናቶች ብዙ ናቸውና አልፈርድባትም። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ካርድ አወጣች፣ የልጁ ደም ተወሰደ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለው» ተባለች፣ መርፌ ተወጋ። 1,150 ብር። ልጁ በነጠላና በጋቢ ተጠቅልሎ ገብቶ እንደተጠቀለለ ወጣ። ልብሱን ገልጦ ደረቱን ያየው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ደወለች። «እማዬ፣ ጡት እምቢ አለኝ።»

ያን ጊዜ ነቃሁ። «ትንፋሹን ቆጠርሽው?» አልኳት። አልቆጠረችም፤ ማን አስተምሯት? እኔ ነበርኩ ማስተማር የነበረብኝ። ልብሱን እስከ አንገቱ ድረስ ግለጭ፣ ሆዱንና ደረቱን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ ሰዓቱን እኔ እይዝልሻለሁ አልኳት። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ቆጠረች። ሃምሳ ስምንት።

«አሁን ደግሞ የጎድን አጥንቱን ታች ጫፍ እዪ። ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል?»

«ይሰረጎዳል፣ እማዬ።»

በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ በደቂቃ አርባና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። የሱ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ደረቱ ይሰረጎዳል፣ ጡት መጥባት አቁሟል። መድኃኒት ቤትም ሆነ ክሊኒክ የሚወስደው ነገር አልነበረም። ጎረቤት ቀስቅሳ፣ ባጃጅ ለምና፣ በመንገዷ ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ ደረሰች። ተረኛዋ ነርስ ልጁን ባየች በደቂቃዎች ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ ወግታ፣ ሪፈር ጽፋ፣ ወደ ሆስፒታል ሸኘችው። ኦክስጅን ላይ ሁለት ቀን ቆየ፤ በስድስተኛው ቀን ወጣ። ዛሬ ደህና ነው፣ ዶሮ ያባርራል። ግን ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ይህን በሥራዬ ያየሁ ሰው ነኝና አውቃለሁ።

ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር። እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ የት መሄድ እንዳለብን የሚነግረን እሱ ራሱ ስለሆነ ነው።

ተራ ጉንፋን አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ልጁ ያስላል፣ ያተኩሰዋል፣ ንፍጡ ይወርዳል፤ ሳንባው ግን ነፃ ነው። የሳንባ ምች ሲሆን የሳንባው ትንንሽ ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር ስለሚያንሰው ልጁ በፍጥነት እየተነፈሰ ያካክሳል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ፍጥነቱ አልበቃ ሲለው ሳንባውም እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ አየሩን በጉልበት ለመሳብ ሲታገል የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ይህ ሁለተኛው ነው። በመጨረሻ ይደክመዋል፤ መጥባት ያቅተዋል፣ ይፈዝዛል። በደከመ ጊዜ ትንፋሹ ሊቀንስም ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ተሻለው ማለት አይደለም። ሳሉና ትኩሳቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አይነግሯችሁም። የሚነግራችሁ ትንፋሹ ነው።

ቆጠራው ምንም አያስከፍልም፤ ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። ልጁ ረጋ ባለበት፣ ቢተኛም ባይተኛም፣ ሳያለቅስ መሆን አለበት። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም፤ ጡት ሰጥታችሁ አረጋጉትና ጠብቁ። ልብሱን ግለጡ። እኛ ደጋ ላይ ልጁን በጨርቅ ጠቅልለን፣ በላዩ ጋቢ ደርበን፣ ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ በጀርባችን አዝለን ነው የምናስታምመው፤ ትንፋሹ የሚታየው ግን ደረቱና ሆዱ ሲገለጥ ብቻ ነው። ሆዱ ከፍ ሲል አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ ያስፈልጋል። ብዙ ከመጣላችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁጠሩ።

ቁጥሩ በዕድሜ ይለያያል። ሁለት ወር ላልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። ትኩሳት ብቻውንም ትንፋሽን ትንሽ ያፈጥናል። ትኩሳቱ ሲበርድ ደግማችሁ መቁጠር ትችላላችሁ፤ ግን ትኩሳቱ እስኪወርድ ብላችሁ ከቤት መውጣታችሁን አታዘግዩ።

እንግዲህ በጥቂት ብር የትኛውን በር እናንኳኳ?

ልጁ እያሳለው፣ እያተኮሰው፣ ግን ትንፋሹ ከቁጥሩ በታች ከሆነ፣ ደረቱ ካልተሰረጎደ፣ ከጠባና ከተጫወተ ቤት ይታመማል። መድኃኒት ቤት የምትሄዱት ለፓራሲታሞል ነው። እሱንም የልጁን ኪሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ የክትባት ካርዱ ላይ የመጨረሻው ክብደት ተጽፏል። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው የሚሰላው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው በሞቀ ሻይ ላይ ጥቂት ማር ለሳሉ ይበቃዋል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የሳል ሽሮፕ ለትንሽ ልጅ አትግዙ፤ ሳሉን ቢያስታግስም ሕመሙን አያድንም። ባለ መድኃኒቱ አንቲባዮቲክ ቢያቀርብላችሁ «ልጁን ሳያዩት አልወስድም» በሉ። ጨዋ ባለሙያ አይቀየማችሁም። ብዙ ጥሩ ፋርማሲስቶች አውቃለሁ፤ ጥሩው «ይህን ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብሎ የሚመልሳችሁ ነው። ትኩሳቱ ሦስተኛ ቀን ከያዘው ግን ትንፋሹ ፈጣን ባይሆንም እንኳ ይታይ።

ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ። ብዙዎቻችን የምንረሳው ጤና ኬላን ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች ራሳቸው ለይተው እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። ትንፋሽ መቁጠሪያ አላቸው፣ በውኃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ክኒን ይሰጣሉ፣ ገንዘብም አይጠይቁም። ከልጄ ቤት እስከ ኬላው ያለው መንገድ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሰኞ ዕለት እዚያ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይቆጠርለት ነበር፣ መድኃኒቱን በነፃ ይዛ ትመለስ ነበር። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው ሁኔታ የተዘጋ ኬላ አለ፣ መድኃኒት ያለቀበትም አለ። ያን ጊዜ ቀጣዩ ጤና ጣቢያ ነው፤ እሱም ቅዳሜና እሑድ፣ ሌሊትም ተረኛ አለው። «ዛሬ እሑድ ነው» ብላችሁ አትቅሩ።

መድኃኒቱን ከተቀበላችሁ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት ቀን ሙሉ ይሰጣል። ልጄ እንዳደረገችው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢወርድም አይቋረጥም፤ ለሌላ ልጅ ብሎ ማስቀመጥም የለም። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ መልሳችሁ አሳዩት። ትንፋሹ ካልቀነሰ ወይም ከባሰበት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነውና አምስተኛውን ቀን አትጠብቁ።

የግል ክሊኒክ መሄድ የለባችሁም አልልም። ጤና ጣቢያው ሲርቅ፣ ወይም ሄዳችሁ ባለሙያ ስታጡ፣ ጥሩ ክሊኒክ ያድናል። ግን ብራችሁ ጥቂት ከሆነ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «የሚያየው ማነው፣ ልጁን ገልጦ ይመረምረዋል?» ሁለተኛ፣ «ለምርመራው ስንት ነው፣ ውጤቱስ ሕክምናውን ይቀይረዋል?» ልጄ ሠላሳ ደቂቃ ያልፈጀ የደም ምርመራ ከፍላ ታይፎይድ ተብላ ወጣች። ያ የተለመደው ምርመራ የሚያየው ሰውነት በሽታውን የተዋጋበትን ምልክት እንጂ ራሱን ጀርሙን አይደለም። ከዚህ በፊት ታሞ የዳነ፣ ወይም በሌላ ሕመም የያዘው ሰው ላይም ምልክቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያ ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፈጥኖ የሚተነፍስ ልጅ ደግሞ ከደሙ በፊት ደረቱ ነው መታየት ያለበት።

ድንገተኛ ክፍል የሚባለው የቅንጦት ነገር አይደለም። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ዕድሜው አምስት ዓመት ሳይሞላ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይበት ቁጥር አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሂዱ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ወይም ፈጥኖ ከተነፈሰም እንዲሁ። ደረቱ ከተሰረጎደ ደግሞ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ፤ ማደር የለም። በመንገዳችሁ ላይ ጤና ጣቢያ ካለ አልፋችሁት አትሂዱ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ይወጉታል፣ ወረቀት ይጽፋሉ፣ የወረዳው አምቡላንስ ካለ ይጠሩላችኋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ባለበት ከተማ ቁጥሩ 907 ነው። ድንገተኛ ሕመምተኛ ብር አስቀድሞ አልከፈለም ተብሎ የመጀመሪያ ዕርዳታ መከልከል የለበትም። ስለዚህ «ብር ላፈላልግ» ብላችሁ ሌሊቱን አታሳልፉ፤ አንድ ሰው ልጁን ይዞ ይሂድ፣ ሌላው ብር ያፈላልግ።

ስለ ብሩ ከተነሳ ልጄን ይዤ ያደረግኩትን ሒሳብ ልንገራችሁ። መድኃኒት ቤት 430፣ ክሊኒክ 1,150፣ ድምሩ 1,580 ብር፤ ይህ ሁሉ ልጁን ሳያድነው የወጣ ነው። በላዩ የሌሊት ባጃጅ፣ የስድስት ቀን የአስታማሚ ምግብ፣ መድኅን ስላልነበራቸው ደግሞ የሆስፒታሉ ክፍያ ተጨመረ። የባሏ የሰሊጥ ደመወዝ በዚያ አለቀ። መጀመሪያ ርካሽ የመሰላት በር በመጨረሻ ውዱ ሆነባት፤ ልጁን ያየው ስላልነበረ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ወደ ክልላችን የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች። ደብተሩ ያላት እናት ጤና ጣቢያ ስትታከም አትከፍልም፤ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ትሄዳለች። ያለ ሪፈር በራሷ ከዘለለች ሊያስከፍላት ይችላል፤ ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት ሳይጠበቅ መታከም አለባት። የግል ክሊኒክ ላይ ደብተሩ አይሠራም። ልጄ ያቀረበችው ቅሬታ እውነት ነው፤ መድኃኒት አልቋል ተብሎ ከውጭ ግዙ መባል አለ፣ ያሳዝናል። ያም ሆኖ ምርመራው በእጃችሁ ነው። ምን መድኃኒት፣ ስንት፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ተጽፎላችሁ ወደ መድኃኒት ቤት መሄድና ምኑንም ሳያውቁ መሄድ አንድ አይደለም። እድሳቱ እህል በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ እጃችሁ ላይ ብር ሲኖር ከሰርግና ከተስካር በፊት እሱን ክፈሉ።

ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም አንዷ ነኝና። ሰዎች ሕፃን ሲያስለው መጀመሪያ የሚጠይቁት እኛን ነው። ወገራ ሳለሁ ሳሉ «ከእንጥሉ ነው» ተብሎ በአያት ምክር እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ደም አፍስሷል፣ ጉሮሮው አብጧል፣ ሕመሙ ግን ከታች ሳንባው ላይ ነበር። ያን ልጅ አልረሳውም። የአያት ቃል ከባድ ነው። የኔም «ፓራሲታሞል ግዥለት» የሚል ቃል ልጄን አራት ቀን ቤት አቆይቷታል፤ «ነርሷ እናቴ ብላኛለች» ብላ ነው የተረጋጋችው።

እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን የያዝኩት በጎንደር ነው። የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበርና፣ ሰው ሩቅ ሆስፒታል ሳይደርስ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሚያክሙት ባለሙያዎች እንዲወጡ ታስቦ ነው። አስተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ ይሉን የነበረው ሕመምተኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት እዩት፣ ሕፃን ከሆነ ግለጡት የሚል ነበር። በስልክ መገለጥ እንደማይቻል ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተማርኩት። በስልክ ግን ማስቆጠር ይቻላል።

አሁን ከልጆቼ ማንኛቸውም ስለ ሕፃን ሳል ሲደውሉልኝ ሰላምታ ሳልጨርስ «ቆጠርሽው? ጠባ?» እላለሁ። ዳባት ያለችው ልጄ ደግሞ ጎረቤቶቿን ታስቆጥራለች አሉ። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እማዬ፣ የእነ እንትና ልጅ ሠላሳ ሁለት ነው፣ ይጠባል፣ ዓመት ከመንፈቁ ነው» አለችኝ።

«ይታመም እቤቱ» አልኳት። «ነገ ጠዋት ደግማችሁ ቁጠሩት፤ ከተለወጠ ኬላ ውሰዱት።»